73 ያገኘው ቅርንጫፍ ለምን ተዘጋ? ለሠራተኞቼ ያደረግኩት ንግግር

የንግግሩን ረቂቅ የጀመርኩት እንዲህ ብዬ ነበር፦ «በተካሄደው የስኮርካርድ ግምገማ መሠረት ሦስተኛው ቅርንጫፍ ከሚጠበቅበት ውጤት በታች ሆኖ በመገኘቱ እንዲዘጋ ታምኖበታል።» ረቂቁን ለሰው ኃይል ኃላፊዋ ሰጠኋት። አንብባ ስትጨርስ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና «ማነው ያመነበት?» አለችኝ። ዝም ስል ጊዜ ቀጠለች፦ «ደግሞስ ይኼ ከሚጠበቅበት በታች ነው ያሉት ቅርንጫፍ ባለፈው ግምገማ ስንት እንዳገኘ ያስታውሳሉ?»

አላስታወስኩም። ከመቶ 73 ነበር ያገኘው። በእኛ መመዘኛ ከ70 በላይ «ጥሩ» ይባላል። ለቅርንጫፉ ሠራተኞችም ከአራት ወር በፊት በእኔው ፊርማ የምስጋና ደብዳቤ ወጥቶላቸዋል።

ያን ዓረፍተ ነገር ይዤ አዳራሽ ገብቼ ቢሆን ኖሮ ከሠራተኞቹ አንዱ ደብዳቤውን ከኪሱ አውጥቶ ያነብልኝ ነበር፤ እኔም መልስ አይኖረኝም። ይህን የምጽፈው የቅርንጫፍ መዘጋትን ለሠራተኛ ማስረዳት ላለበት ሰው ነው። የመዝጋቱ ውሳኔ ትክክል ሆኖ እንኳ ምክንያቱን ማስረዳት ሌላ ሥራ እንደሆነ ያወቅኩት በዚያ ሳምንት ነው።

ድርጅታችን የማሽን መለዋወጫ ይሸጣል፣ ጥገናም ይሠራል። ያኔ ሰባት ቅርንጫፍ ነበረን። ሦስተኛው ላይ 11 ሰው ይሠራ ነበር። ሁሉንም ቅርንጫፎች በየስድስት ወሩ የምንመዝነው ብዙዎቻችሁ በምታውቁት በቢኤስሲ፣ ማለትም በሚዛናዊ የውጤት ካርድ ነው። አራቱ ዕይታዎች በእኛ ዘንድ እንዲህ ይከፋፈሉ ነበር፦ ፋይናንስ 35፣ ደንበኛ 25፣ የውስጥ አሠራር 25፣ መማማርና ዕድገት 15። ሮበርት ካፕላንና ዴቪድ ኖርተን በ1992 ሐሳቡን ሲያቀርቡ፣ ድርጅት ራሱን በገንዘብ ቁጥር ብቻ ሲያይ ሌላው ነገር እንዳይሸፈንበት ብለው ነበር። እኛ ቤት የሆነው ተገላቢጦሽ ነው፤ ሌሎቹ ሦስቱ ዕይታዎች ገንዘቡን ሸፈኑብን።

ሦስተኛው ቅርንጫፍ በደንበኛ 23፣ በውስጥ አሠራር 22፣ በመማማር 14 አገኘ። በፋይናንስ ግን ከ35 ያገኘው 14 ነው። የፋይናንስ ኃላፊው ይህን 14 ፈታትቶ አሳየኝ። ወጪን በበጀት ውስጥ በመያዝ ከ10 ዘጠኝ፣ ውዝፍ በማሰባሰብ ከ5 አምስት፤ በሽያጭ ዕድገት ከ10 ዜሮ፣ በትርፍም ከ10 ዜሮ። ያለፉትን ሦስት ግምገማዎች ደርድሮ ሲያሳየኝ ሁለቱ ዜሮዎች በሦስቱም ላይ በቦታቸው ተቀምጠዋል። ድምሩ ግን በሦስቱም ከ70 በላይ ነው። እኔ የማየው ድምሩን ነበር። ካርዱ ላይ አረንጓዴ ቀለም ካየሁ ገጹን እገለብጠዋለሁ።

ከዚህ በኋላ ያየሁት ነገር ይበልጥ አስደነገጠኝ። አረንጓዴ የሆኑት ቁጥሮች ራሳቸው የበሽታው ምልክቶች ነበሩ። ደንበኛ አገልግሎት ለማግኘት የሚጠብቅበት ጊዜ ከሰባቱ ቅርንጫፎች ሁሉ አጭር ነበር፤ ወረፋ ስለሌለ። በመማማር ዕይታ በነፍስ ወከፍ የሥልጠና ሰዓት አንደኛ ነበሩ፤ ሥራ ስለሌለ ሥልጠና በተጠራ ቁጥር የሚላከው ሰው ከእነሱ ነው። የደንበኛ እርካታ መጠይቁም ከፍተኛ ነጥብ አምጥቷል፤ መጠይቁን የሚሞላው ግን የቀረው ደንበኛ ነው፤ የሄደውን ማንም አልጠየቀውም። ቴክኒሻኖቹን በተመለከተ ደግሞ ደመወዝ ከተከፈለባቸው 100 ሰዓታት ውስጥ ለደንበኛ ተሠርቶ ደረሰኝ የተቆረጠባቸው 41 ብቻ ነበሩ። ይህ መለኪያ ካርዱ ላይ አልነበረም፤ ከሥራ ትዕዛዝ ቅጾች ላይ ቆጥረን ነው ያገኘነው። የእናንተም አንድ ቅርንጫፍ በአገልግሎት ፍጥነትና በሥልጠና እየደመቀ ሽያጩ ካላደገ፣ መጀመሪያ የተቆረጠ ደረሰኝ ቁጠሩ።

ሠራተኞቹ ሰነፎች አልነበሩም። በአካባቢው የነበሩ ትልልቅ ማሽን ተጠቃሚዎች ቀስ በቀስ ወደ ሌላ ቦታ ሄደዋል፤ የቀሩትም አዳዲስ ማሽን እየገዙ ጥገናውን በዋስትና ከአምራቹ ያገኛሉ። ቅርንጫፉ ደንበኛውን በቅልጥፍና እያስተናገደ፣ ደንበኛው ግን ከሥሩ እያለቀ ነበር።

ወደ ሒሳቡ ልግባ። ንግግሩ የቆመው በዚህ ላይ ስለሆነ ትንሽ ታገሡኝ።

የመጀመሪያው ሪፖርት ቅርንጫፉ ከሚሸጠው በየ100ው 13 እንደሚከስር ይላል። ረቂቄ ላይ ይህን ቁጥር በደማቅ ጽፌው ነበር። የፋይናንስ ኃላፊው ግን «13 አይበሉ» አለኝ። ምክንያቱን ወረቀት ላይ አሳየኝ። ከ100 ሽያጭ 71ዱ የተሸጠው ዕቃ መግዣ ነው፤ 29 ይተርፋል። ከዚያ ላይ የቅርንጫፉ ደመወዝ 19፣ ኪራይ 9፣ ትራንስፖርትና ሌላው 6፣ በድምሩ 34 ይወጣል። 29 ገብቶ 34 ሲወጣ ጉድለቱ 5 ነው። ታዲያ 13 ከየት መጣ? ቀሪው 8 የዋና መሥሪያ ቤት ወጪ ድርሻ ነው፤ የእኔ ደመወዝ፣ የሒሳብ ክፍሉ፣ የኦዲቱ። ይህ 8 ቅርንጫፉ ሲዘጋ የትም አይሄድም። ለቀሩት ስድስት ቅርንጫፎች ይከፋፈላል እንጂ አይጠፋም።

ይህ የሒሳብ ባለሙያ ዝርዝር ብቻ አይደለም። አንድ ቅርንጫፍ የዋና መሥሪያ ቤት ድርሻ ከተጫነበት በኋላ ብቻ የሚከስር ቢሆን፣ ከዚያ በፊት ግን ትንሽም ብትሆን የሚያዋጣ ቢሆን፣ መዝጋቱ ድርጅቱን ይበልጥ ይጎዳዋል። እያዋጣ የነበረው ይቀርና ድርሻው በሌሎቹ ላይ ይወድቃል፤ በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ያ ድርሻ ሌላ ቅርንጫፍ ያከስራል። በዚህ መንገድ ጤነኛ ቅርንጫፎቻቸውን አንድ በአንድ የዘጉ ድርጅቶች አሉ። የእኛው ቅርንጫፍ ግን ድርሻው ሳይጫንበትም በ5 ይጎድል ነበር። 5 ከ13 ያነሰች ቁጥር ናት፤ አዳራሽ ውስጥ ግን ማንም ሊያፈርሳት አይችልም። 13ን ብናገር ኖሮ ከሒሳብ ክፍል አንድ ልጅ በሹክሹክታ ብቻ ንግግሬን ያፈርሰው ነበር።

ከዚያ የመዝጋቱ ጥቅም መታሰብ ነበረበት። ሦስተኛው ሲዘጋ ከሽያጩ ስንቱ ወደ ጎረቤቱ ቅርንጫፍ ይዞራል? ደንበኞቹን አንድ በአንድ ዘርዝረን 30 ከመቶ ይዞራል ብለን ገመትን። 30 ሽያጭ በ29 ከመቶ ሲሰላ 9 ገደማ ያስተርፋል፤ ለእነዚያ ደንበኞች ዕቃ ለማድረስና ቴክኒሻን ለማመላለስ 4 ይወጣል፤ 5 ይቀራል። ቅርንጫፉ ሲዘጋ ከሚጠፋው ጉድለት 5 ጋር ሲደመር በዓመት 10 ገደማ ነው። በሌላው ወገን የስንብት ክፍያ፣ ያላለቀው የኪራይ ውልና የዕቃ ማጓጓዣ ተደምሮ የዓመት ሽያጩን 18 ከመቶ ያህል አንድ ጊዜ ይበላል። ስለዚህ መዝጋቱ ወጪውን የሚመልሰው ሁለት ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ለቀለም፣ ለመደርደሪያና ለማንሻ ማሽን ያወጣነውን ገንዘብ ከስሌቱ አስወጣነው። ብንዘጋም ባንዘጋም የወጣ ገንዘብ ነው። ይህን መቀበል ለእኔ ከብዶኝ ነበር፤ እድሳቱን ያጸደቅኩት እኔ ነኝና።

ከመወሰናችን በፊት ዘጠኝ ወር ሞክረናል። ከግቢው ግማሹን ለባለቤቱ መልሰን ኪራዩን ለመቀነስ ጠየቅን፤ አልተቀበለም። አንድ የሽያጭ ሠራተኛ ጨመርን። ሽያጩ በ4 ከመቶ አደገና ቆመ።

አሁን ወደ ስህተቴ። ስብሰባው ሊደረግ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ለግዢ ክፍሉ «ለሦስተኛው ቅርንጫፍ የሚሄደውን ቀጣይ ትዕዛዝ ያዙት» የሚል መመሪያ ሰጠሁ። ለሚዘጋ መጋዘን ዕቃ መላክ የለብንም ብዬ ነው። የቅርንጫፉ ስቶር ኪፐር ትዕዛዟ ለምን እንደተያዘ ለማየት ሲስተሙን ከፈተች፤ ለሌሎቹ ስድስት ቅርንጫፎች እንደጸደቀ፣ የእሷ ብቻ እንደተያዘ አየች። ለቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጁ ነገረችው። እሱም ማታ ደወለልኝና «ጌታዬ፣ ሊዘጉን ነው እንዴ?» አለኝ። ልዋሽ አልቻልኩም፤ ሙሉውን ልናገርም አልተዘጋጀሁም። «ነገ ጠዋት መጥቼ እነግራችኋለሁ» አልኩት። ያ ሌሊት ለ11 ቤተሰብ ምን ዓይነት ሌሊት እንደነበር ለመገመት አያዳግትም። ትዕዛዝ ማቆም፣ የኪራይ ውል ማሳደስ መተው፣ ክፍት የሥራ ቦታ ማስታወቂያ ማንሳት፤ እነዚህ ሁሉ ከንግግር በፊት የሚናገሩ ነገሮች ናቸው። ከንግግሩ በፊት እንዲሆኑ አታድርጉ፤ የግድ ከሆነ ንግግሩን አስቀድሙት። ለሁለት ሳምንት የሚበቃ ዕቃ ቢላክ ኖሮ የምናጣው የማመላለሻ ዋጋ ብቻ ነበር።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ሳላቅደው ትክክል ሆነ። መጀመሪያ ለ11ዱ ብቻ፣ በራሳቸው ቅርንጫፍ፣ ጠዋት ተናገርኩ። ለሁሉም ሠራተኛ በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ። በሁለቱ መካከል የሰው ኃይል ኃላፊዋ ከእያንዳንዳቸው ጋር ለየብቻ ተቀምጣ የማን ቦታ ምን እንደሚሆን በጽሑፍ ሰጠቻቸው። ስድስቱ በሌሎች ቅርንጫፎች ክፍት ወደነበሩ ቦታዎች ተዛወሩ። ለአምስቱ ቦታ አልነበረንም። የተዛወሩት ክፍት ቦታ ላይ መሆናቸው ለሒሳቡም አስፈላጊ ነበር፤ ባይሆን ኖሮ ደመወዛቸው ከአንድ መዝገብ ወደ ሌላ መዝገብ ዞረ እንጂ አልተቀነሰም።

ከሰዓት በኋላ ያደረግኩት ንግግር ከአሥር ደቂቃ ብዙም አልዘለለም። ዋና ዋናውን እንደተናገርኩት አሰፍረዋለሁ፤ ቃል በቃል ባይሆንም ከማስታወሻዬ ነው።

«ሦስተኛውን ቅርንጫፍ ከሦስት ወር በኋላ እንዘጋዋለን። የወሰንኩት እኔ ነኝ፤ ቦርዱም አጽድቆታል። እዚያ የሚሠሩት ባልደረቦቻችን ዛሬ ጠዋት ሰምተዋል፤ የእያንዳንዳቸው ጉዳይም ለየራሳቸው በጽሑፍ ተሰጥቷቸዋል። ስለ ግለሰቦች እዚህ አልናገርም።

ብዙዎቻችሁ የቅርንጫፉ የስኮርካርድ ውጤት 73 እንደነበር ታውቃላችሁ። ‹ጥሩ› ያለ ካርድ እንዴት ቅርንጫፍ ያዘጋል ብላችሁ እንደምትጠይቁ አውቃለሁ። ካርዱ አልዘጋውም። ካርዱ የነገረን ሁለት ነገር ነው። አንደኛው፣ እዚያ ያሉ ሰዎች ሥራቸውን በደንብ እንደሚሠሩ ነው፤ የፈረምኩት የምስጋና ደብዳቤም እውነት ነበር፤ ዛሬም እውነት ነው። ሁለተኛው፣ በሽያጭ ዕድገትና በትርፍ ለሦስት ተከታታይ ግምገማ ዜሮ እንደተመዘገበ ነው። ይህን ሁለተኛውን ድምሩ ሸፈነብኝ። ቀድሜ ማየት የነበረብኝ እኔ ነበርኩ።

ዜሮዎቹን ካየን በኋላ ሌላ ሒሳብ ሠራን። ቅርንጫፉ 100 ሲሸጥ ዕቃው 71 ይበላል፤ 29 ይቀራል። ለራሱ ደመወዝ፣ ኪራይና ማመላለሻ 34 ያወጣል። የእኔን ደመወዝና የዋና መሥሪያ ቤቱን ወጪ አልጨመርኩበትም፤ እሱ ቅርንጫፉ ቢዘጋም አይቀርም። ያለዚያም በየ100ው 5 ይጎድላል። ያንን 5 እስከ ዛሬ የሞላችሁት እናንተ የሌሎቹ ስድስት ቅርንጫፎች ሠራተኞች ናችሁ።»

ይህችን የመጨረሻ ዓረፍተ ነገር ከማስታወሻው ውጭ ነው የተናገርኳት፤ እስከ ዛሬም ይቆጨኛል። እውነት ናት። ግን ከ11ዱ አራቱ አዳራሹ ውስጥ ተቀምጠው ነበር። በባልደረቦቻቸው ፊት ተመጽዋች አደረግኳቸው። አንዱ ቴክኒሻን ራሱን ዝቅ አድርጎ እጁ ላይ ያለውን እስክሪብቶ ክዳን ሲከፍትና ሲዘጋ አየሁት፤ ንግግሩ እስኪያልቅ ቀና አላለም። ቁጥሩን ስትናገሩ ቁጥሩ ላይ አቁሙ። ማን ለማን እንደከፈለ ሰው ራሱ ያሰላዋል።

ቀጠልኩና ዘጠኝ ወር የሞከርነውን፣ መዝጋቱ ምን ያህል እንደሚያስወጣና ወጪው በስንት ጊዜ እንደሚመለስ ተናገርኩ። ሰው ኃይል ኃላፊዋ ይህን እንዳልተው አጥብቃ ነግራኝ ነበር። መዝጋት ነጻ እንዳልሆነ፣ የስንብት ክፍያና ቀሪ ኪራይ እንዳለበት ሠራተኛው ሲሰማ፣ በቀላሉ እንዳልተወሰነ ከማንኛውም የሐዘን ቃል በላይ ይረዳል። ከረቂቁ ላይ «መልሶ ማደራጀት»፣ «የአሠራር ማሻሻያ» የሚሉትንም አንድ በአንድ ሰርዛቸው ነበር። «ይዘጋል» ነው የሚባለው አለች።

ጥያቄ ስከፍት መጀመሪያ የተነሣው የሁለተኛው ቅርንጫፍ ሒሳብ ሠራተኛ ነው። ስልኩ ላይ ሲያሰላ ቆይቷል። «29 ይተርፋል፣ 34 ይወጣል ካሉ» አለ፣ «ሽያጩ በ17 ከመቶ ብቻ ቢያድግ እኮ ይካካሳል። ለ17 ከመቶ ቅርንጫፍ ይዘጋል?»

ትክክል ነበር፤ 117 ቢሸጥ በ29 ከመቶ 34 ይመጣል። እንዲህ ያለ ጥያቄ ካልጠበቃችሁ አፋችሁ ይያዛል፤ 17 ከመቶ ለጆሮ ትንሽ ናት። የፋይናንስ ኃላፊው ግን ይህንን አስቀድሞ አዘጋጅቶልኝ ነበር። የመለስኩለት እንዲህ ነው፦ በዘጠኝ ወር ጥረት፣ ሰው ጨምረን፣ ያመጣነው 4 ነው። 17 ደግሞ ጉድለቱን ዜሮ ከማድረስ አያልፍም። ቅርንጫፉ ከዋና መሥሪያ ቤት ወጪ የራሱን ድርሻ እንደሌሎቹ እንዲሸከም ከተፈለገ 34ቱ 42 ይሆናል፤ ያን ለመሙላት ደግሞ ሽያጩ 145 መድረስ አለበት። በአንድ ወገን 4፣ በሌላው 17 እና 45። ደንበኛው እየለቀቀ ባለበት አካባቢ ይህን ርቀት የሚያሻግር ዕቅድ ያለው ካለ፣ እስከ ዛሬ ሳምንት ይምጣና እሰማዋለሁ አልኩ። ይህን ስል የምሬን ነበር። ሁለት ሰዎች መጡ። አንደኛው ያቀረበው ዕቅድ ቅርንጫፉን አላዳነም፤ ነገር ግን ለቀሩት ደንበኞች ቴክኒሻን በሳምንት ሁለት ቀን ከጎረቤት ቅርንጫፍ እንዲወጣ የሚያደርገውን መርሐ ግብር ያገኘነው ከእሱ ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ ሁሉም ሆዱ ውስጥ የያዘው ነው። ከኋላ አንዲት ሴት ሳትነሣ «ቀጣዩ ማነው?» አለች።

እዚህ ላይ «ከዚህ በኋላ ሌላ አይዘጋም» ማለት ምላሴ ላይ ነበር። አዳራሹ እፎይ ይልልኝ ነበር። ግን ሊሆን የማይችል ቃል ነው። «የሚዘጋ ቅርንጫፍ ዝርዝር የለኝም» አልኳት። «ያለኝ መለኪያ ነው፤ እሱን ልንገርሽ። አንድ ቅርንጫፍ የዋና መሥሪያ ቤት ድርሻ ሳይጫንበት፣ በራሱ ገቢ የራሱን ወጪ ለሁለት ተከታታይ ግምገማ ካልሸፈነ፣ ድምሩ ስንትም ቢሆን ለብቻው ይታያል። ይታያል ማለት ይዘጋል ማለት አይደለም፤ ያኔ ለቅርንጫፉ ሠራተኞች እንነግራቸዋለን፣ የማሻሻያ ጊዜም ይሰጣቸዋል። ዛሬ ከስድስቱ ቅርንጫፎች በዚህ መለኪያ የሚጎድል የለም።» ቁጥራቸውን በስክሪን አሳየሁ። አንደኛው ቅርንጫፍ የሚያዋጣው ከ100 ላይ 2 ብቻ ነበር፤ ሥራ አስኪያጁ ቀድሞ እንዲያውቅ ምሳ ሰዓት ላይ ደውዬለት ነበር። ከሦስተኛው ቅርንጫፍ ስህተቴ የተማርኩት ይህንን ነው።

ሦስተኛው ጥያቄ ያልጠበቅኩት ነበር። የሚሰናበተው የቅርንጫፉ ሾፌር ነው የጠየቀው። «ሌላ ቦታ ሥራ ስጠይቅ፣ የሠራህበት ቅርንጫፍ ለምን ተዘጋ ይሉኛል። በስኮርካርድ ግምገማ ከተባለ እኔ ሰነፍ ነኝ ማለት ነው። ምን ልበል?» አለ። ጽፌ እንድሰጠው ጠየቀኝ። ለአምስቱም ጻፍን፤ ቅርንጫፉ የተዘጋው በአካባቢው ያለው ገበያ በመቀነሱ መሆኑን፣ የሠራተኞቹ የሥራ አፈጻጸም ውጤት ግን ጥሩ እንደነበር የሚገልጽ፣ ውጤቱ ከነቁጥሩ። ረቂቄ ውስጥ የነበረው «ከሚጠበቅበት ውጤት በታች» የሚለው ሐረግ ለዚያ ሾፌር ምን ያደርገው እንደነበር ያኔ ነው የገባኝ።

ካርዱንም አስተካከልነው። ክብደቶቹን አልነካንም፤ ፋይናንስን 50 እናድርገው ያሉ ነበሩ፣ እሱ ግን ሌላ ቀን ሌላ ነገር ይሸፍናል። ያደረግነው፣ የቅርንጫፉ የራሱ ገቢ የራሱን ወጪ መሸፈኑን ከድምሩ ውጭ አውጥተን፣ ከካርዱ አናት ላይ አዎ ወይም አይደለም በሚል ብቻ ማስቀመጥ ነው። «አይደለም» ከሆነ ድምሩ በአረንጓዴ አይታተምም። ደረሰኝ የተቆረጠባቸው የቴክኒሻን ሰዓቶችም ከሥልጠና ሰዓት ጎን ለጎን ገቡ፤ አንዱ ብቻውን እንዳይነበብ።

ከስድስት ወር በኋላ በሚቀጥለው የግምገማ ስብሰባ ለሠራተኛው የመዝጋቱን ውጤት አቀረብኩ። ወደ ጎረቤት ቅርንጫፍ ይዞራል ብለን ከገመትነው 30 የዞረው 22 ብቻ ነበር። 22ቱ በ29 ከመቶ 6 ገደማ ያስተርፋል፣ የማመላለሻው 4 ሲቀነስ ከ2 ጥቂት ከፍ ይላል። ሁለት ዓመት ሳይሞላ ይመለሳል ያልነው ወጪ ሁለት ዓመት ተኩል ገደማ ይፈጃል ማለት ነው። ያው በስልኩ የሚያሰላው የሒሳብ ሠራተኛ እጁን አነሣ። «እንግዲያው ያኔ 22 ቢሉን ኖሮ ይዘጉት ነበር?» አለኝ። እዘጋው ነበር አልኩት፤ ግን ሦስት ወር ሳይሆን ስድስት ወር ሰጥቼ፣ የሽያጭ ሠራተኛው ደንበኞቹን ይዞ ወደ ጎረቤት ቅርንጫፍ እንዲሻገር ካደረግኩ በኋላ። ጻፈው።